ከ19 ገጽ ንግግር ሁለት ገጽ ማስታወሻ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ መርካቶ የሄድኩት ብርድ ልብስ ልገዛ ነበር። አክስቴ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ የብርድ ልብስና የአንሶላ ሱቅ አላት። ልጇ ቀን ቀን ከእናቷ ጋር ትሸጣለች፤ ማታ ማታ ደግሞ አካውንቲንግ ትማራለች። ስደርስ ልጅቷ ከብርድ ልብሱ ክምር ጎን በዱካ ላይ ቁጭ ብላ፣ አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ፣ ጭኗ ላይ አንድ እስር ወረቀት ዘርግታ አገኘኋት። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ቀለም ተቀብቷል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አልኳት።

«የማታው ሌክቸር ነው። መምህሩን አስፈቅደን በስልክ ቀዳነው። ከዚያ ሦስት ሆነን ተካፍለን በጽሑፍ ገለበጥነው።»

የአንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃው ትምህርት 19 ገጽ ሆኗል። አራት ጊዜ አንብባዋለች። ያም ሆኖ በዚያው ሳምንት በተሰጠው አጭር ፈተና ከ10 ያገኘችው 4 ነው። የመጨረሻው ፈተና 12 ቀን ቀርቶታል። ከወደቀች ኮርሱን መድገም፣ ክፍያውንም እንደገና መክፈል ሊኖርባት ነው።

ወረቀቱን ተቀበልኳትና ጠየቅኳት። «ዕቃ ወደ ሱቅ ስታመጡ የምትከፍሉት የመኪና ኪራይ በሂሳብ የት ይገባል?»

ትንሽ አሰበች። «ገጽ አምስት ላይ ነው። ከላይ በኩል፣ ቢጫ ቀብቼዋለሁ።»

መልሱ የት ገጽ ላይ እንዳለ ታውቃለች፤ መልሱን ግን አታውቅም። የቢዝነስ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። ስለዚህ የብርድ ልብሱን ጉዳይ ትተን ከሰዓቱን እዚያው ተቀመጥን። ውድ አንባቢያን፣ ቤታችሁ ውስጥ ሌክቸር እየቀዳ የሚያጠና ተማሪ ካለ፣ ያን ዕለት ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ግልባጩን ማረም

የመጀመሪያው ሥራ ማሳጠር አይደለም። ግልባጩ ስህተት ካለው፣ ከእሱ የሚወጣው ማስታወሻም ያንኑ ስህተት ይዞ ይወጣል፤ ያውም አጥሮና አምሮ ስለሚቀመጥ ማንም አይጠረጥረውም። በሌላ በኩል 19ኙንም ገጽ ከድምፁ ጋር እያነጻጸሩ መቀመጥ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ እየፈለግን አነበብነው፦ ቁጥሮችን፣ «አይ» ያለባቸውን አሉታዊ ግሶችና የትምህርቱን ልዩ ቃላት። ጆሮ የሚስተው በአብዛኛው እነዚህን ነው። አንዲት «አይ» ከወደቀች «አይጨመርም» የተባለው «ይጨመራል» ይሆናል።

ገጽ 12 ላይ «ፊፎ አይፈቀድም» የሚል አገኘን። ፊፎ ማለት ቀድሞ የገባው ዕቃ ቀድሞ እንደወጣ የሚቆጥር የሂሳብ ዘዴ ነው። ችግሩ፣ ያው መምህር ገጽ 8 ላይ ሙሉ ምሳሌ የሠራው በፊፎ ነው። የማይፈቀድን ዘዴ ለምን ያስተምራል? ልጅቷ 63ኛው ደቂቃ ላይ ሄዳ ድምፁን ሰማችው። መምህሩ ያለው «ሊፎ» ነበር፤ መጨረሻ የገባው ቀድሞ ይወጣል የሚለው ተቃራኒው ዘዴ ማለት ነው። ጓደኛዋ ታክሲ ውስጥ ሆና ስትገለብጥ አንዲቱን ፊደል ለወጠቻት። ልጅቷ ደግሞ ያንን አራት ጊዜ አንብባ፣ ቢጫ ቀብታ ይዛዋለች።

እንዲህ ያለው ስህተት የሚታወቀው ከራሱ ከግልባጩ ጋር ሲጋጭ ነው። ሁለት ቦታ ላይ የሚጣሉ ሐሳቦች ካገኛችሁ አንዱን አትምረጡ፤ ወደ ድምፁ ተመለሱ። ለዚህም ሲባል ግልባጩ ዳር ላይ ቢያንስ በየአምስት ደቂቃው ሰዓቱ ሊጻፍ ይገባል። ያለ እሱ አንዲት ቃል ለማጣራት ሙሉውን ቅጂ መስማት ይጠይቃል።

ድምፅ ፈጽሞ የማይዘው ነገርም አለ፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው። «ይሄኛውን ከዚህ ስንቀንስ ያ ይመጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ሲገለበጥ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ስድስት አገኘን። አራቱን ከጓደኛዋ ደብተር ሞላናቸው፤ ሁለቱን ደግሞ «መምህሩን ጠይቂ» ብለን ክፍት ተውናቸው። በግምት መሙላት አይገባም።

የንግግር ቅደም ተከተልና የሐሳብ ቅደም ተከተል

ከዚያ ወደ ርዕሶቹ ሄድን። ልጅቷ ገጽ በገጽ ከመጀመሪያው እየተነሳች ልታሳጥር ነበር። እኔ ግን አስቆምኳት።

መምህር ሲያስተምር እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንድ ነገር ይጀምራል፣ ምሳሌ ይመጣበታል፣ ከተማሪ ጥያቄ ይነሳል፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ «ቅድም ያልኩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር» ይላል። ግልባጩ የንግግሩን ቅደም ተከተል ይይዛል። ማስታወሻ ግን የሐሳቡን ቅደም ተከተል መያዝ አለበት። አንድን ግልባጭ ማስታወሻ የሚያደርገው ማጠሩ ሳይሆን፣ ተራርቀው የተነገሩ ሐሳቦች አንድ ቦታ መምጣታቸው ነው።

የመኪና ኪራዩ ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ሆነልን። 22ኛው ደቂቃ ላይ መምህሩ «የትራንስፖርት ወጪ ዕቃው ላይ ይጨመራል» ብሏል። 94ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ተማሪ ዕቃ ወደ ደንበኛ ቤት ስለማድረስ ሲጠይቅ ደግሞ «እሱ አይጨመርም፤ የሽያጭ ወጪ ነው» ብሏል። በመካከላቸው 13 ገጽ አለ። ልጅቷ ሁለቱንም ቀለም ቀብታለች፣ ሁለቱንም ለየብቻ አንብባለች፤ ጎን ለጎን ግን አድርጋቸው አታውቅም። አጭሩ ፈተና ላይ የሳተችውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ግልባጩን እያነበብን፣ ሐሳብ የሚቀየርበት ቦታ ሁሉ ላይ መስመር አሰመርን። መምህሩ ራሱ ይረዳል። «እሺ፣ አሁን ወደ…»፣ «ሌላው ነገር…»፣ «ባለፈው እንዳየነው…»፣ «ልብ በሉ» የሚሉ ቃላት የሐሳብ መገጣጠሚያዎች ናቸው። 23 ቁራጭ ወጣን። ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ ስለምን እንደሆነ በአንድ አጭር መስመር ዳር ላይ ጻፈች፤ ተመሳሳዮቹን በአንድ ቁጥር ሰበሰበች። 23ቱ ቁራጭ ወደ አራት ርዕስ ወረደ። የስም ጥሪው፣ የመብራት መጥፋቱ ወሬና ቀልዱ ቁጥር ሳያገኙ ቀሩ።

ርዕስ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው፤ በጥያቄ መልክ ቢሆን ይመረጣል። «የዕቃ ክምችት» የሚል ርዕስ ሁሉንም ስለሚችል ምንም አይናገርም። «በዕቃው ወጪ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው?» የሚለው ግን ከሥሩ ምን መኖር እንዳለበትና ምን እንደጎደለ ያሳያል።

ነጥቦቹን በሙሉ ዓረፍተ ነገር

ከእያንዳንዱ ርዕስ ሥር ከሦስት እስከ አምስት ነጥብ እንዲኖር ተስማማን። እያንዳንዱ ነጥብ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን አልኳት። «ፊፎ – ትርፍ ይጨምራል» ብሎ መጻፍ ዛሬ ይገባል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከምን አንጻር፣ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። መምህሩ የተናገረው «የዕቃ መግዣ እየጨመረ በሚሄድበት ጊዜ» ብሎ ነው። ያ ቅድመ ሁኔታ ከተቆረጠ ነጥቡ ማጠር ብቻ ሳይሆን ስህተት ይሆናል። ስታሳጥሩ ምሳሌና ድግግሞሽ ብትቀንሱ አይጎዳም፤ «ካልሆነ በቀር»፣ «በሚሆንበት ጊዜ»፣ «ብቻ» የሚሉትን ግን አትንኩ።

ሌላው ያስቸገረን «ዋጋ» የሚለው ቃል ነው። መርካቶ ውስጥ ዋጋ ስንል የገዛንበትም የምንሸጥበትም ዋጋ ነው፤ ከአነጋገሩ እንግባባለን። መምህሩም ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ሲያስተምር ሁለቱንም «ዋጋ» እያለ ሄዷል። ግልባጩ ላይ አንዱ ከሌላው አይለይም። ስለዚህ በማስታወሻው ውስጥ ለአንድ ነገር አንድ ቃል ብቻ እንዲሆን ወሰንን፤ የገባንበት «የግዥ ወጪ»፣ የምናስከፍለው «የመሸጫ ዋጋ»። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነም የእያንዳንዱን ቃል የእንግሊዝኛ አቻ ከመጨረሻው ገጽ ሥር አንድ ጊዜ ጻፈችው።

ምሳሌው ላይ መምህሩ «ዕቃ ሀ» ያለውን ልጅቷ በብርድ ልብስ ተካችው። ቁጥሮቹን ግን እንዳሉ ተወቻቸው፤ መልሱን ከሰሌዳው ጋር ማመሳከር የሚቻለው ቁጥሩ ካልተነካ ነው።

ከአራቱ ርዕሶች የሁለቱ የመጨረሻ መልክ ይህን ይመስላል።

ርዕስ 1፦ በዕቃው የግዥ ወጪ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው?

• የገዛንበት ገንዘብ፣ ተመላሽ የማይሆን ቀረጥና ታክስ፣ ዕቃው ሱቃችን እስኪደርስ የተከፈለ የመኪና ኪራይና የጫኝና አውራጅ ክፍያ የግዥ ወጪ ናቸው። (22ኛ ደቂቃ)
• ዕቃውን ከሱቃችን ወደ ደንበኛው ለማድረስ የሚከፈለው የሽያጭ ወጪ ነው፤ በግዥ ወጪ ውስጥ አይገባም። (94ኛ ደቂቃ)
• ስለዚህ ሁለቱም «ትራንስፖርት» ቢባሉም፣ የሚለያቸው ዕቃው ወደ እኛ እየመጣ ነው ወይስ ከእኛ እየሄደ ነው የሚለው ነው።

ርዕስ 2፦ አንድ ዓይነት ዕቃ በተለያየ ወጪ ከተገዛ፣ የተሸጠው የትኛው ነው እንላለን?

• ፊፎ ቀድሞ የተገዛው ቀድሞ እንደተሸጠ ይቆጥራል። አማካይ ዘዴ ጠቅላላውን ወጪ ለጠቅላላው ብዛት ያካፍላል። (41ኛ ደቂቃ)
• ምሳሌ፦ 10 ብርድ ልብስ በ800 ብር፣ ቀጥሎ 10 በ1,000 ብር ተገዛ፤ 12 ተሸጠ። በፊፎ የተሸጡት ወጪ 8,000 እና 2,000፣ በድምሩ 10,000 ብር ነው። በአማካይ 12 ጊዜ 900፣ ማለትም 10,800 ብር ነው። (41ኛ ደቂቃ)
• የመሸጫ ዋጋው 1,200 ብር ቢሆን ትርፉ በፊፎ 4,400፣ በአማካይ 3,600 ብር ይሆናል። የግዥ ወጪ እየጨመረ ሲሄድ ፊፎ ትርፉን ከፍ አድርጎ ያሳያል። (50ኛ ደቂቃ)
• ሊፎ በዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ አይፈቀድም። (63ኛ ደቂቃ፤ ከድምፁ ተረጋግጧል)

የርዕስ 1 ሦስተኛ ነጥብ ጎን የደቂቃ ቁጥር የለም። መምህሩ አላለውም፤ ሁለቱ ነጥቦች ጎን ለጎን ሲመጡ ልጅቷ ራሷ ያወጣችው ነው። የመምህሩንና የራስን ሐሳብ ለመለየት ከዚህ የቀለለ ምልክት የለም፤ የራሷ ስህተት ከሆነም የት መፈለግ እንዳለባት ታውቃለች።

ጥያቄዎቹ

ይህን ሁሉ ስንጨርስ ልጅቷ ወረቀቱን ልታጥፍ ነበር። ግማሽ ሥራ ግን ቀርቷል። አምሮ የተጻፈ ማስታወሻም ደጋግመው ካነበቡት እንደ ቢጫው ቀለም ነው፤ ዓይን ስለለመደው ብቻ የሚያውቁት ይመስላል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንዳንዱን ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ወረቀቱን ዘግተው የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በትንሹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ካነበቡት ያስታወሱት 42 በመቶ፣ ዘግተው ከጻፉት ያስታወሱት 56 በመቶ ነበር። ንባብ ለዛሬ ማታ ይረዳል፤ ፈተናው ግን ከ12 ቀን በኋላ ነው።

ጥያቄዎቹን የት እንደምንጽፍ የወሰንነው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው መምህር ዋልተር ፖክ ባስፋፋው አሠራር ነው። ገጹ ቁመቱን በመስመር ለሁለት ይከፈላል። ሰፊው የቀኝ በኩል ለነጥቦቹ፣ ጠባቡ የግራ በኩል ለጥያቄዎቹ ነው። ስታጠና ቀኙን በወረቀት ትሸፍናለች፣ ግራውን እያየች ጮክ ብላ ትመልሳለች፣ ከዚያ ትገልጣለች።

በእያንዳንዱ ርዕስ ሦስት ዓይነት ጥያቄ እንድታወጣ አደረግኩ፦ አንድ የማስታወስ፣ አንድ የ«ለምን»፣ አንድ ደግሞ የመሥራት። ለርዕስ 2 የጻፈቻቸው እነዚህ ናቸው።

1. ፊፎና አማካይ ዘዴ የተሸጠውን ዕቃ ወጪ የሚያሰሉት እንዴት ነው?
2. የግዥ ወጪ ሲጨምር ፊፎ ትርፉን ለምን ከፍ ያደርገዋል? ወጪው ቢቀንስስ?
3. 10 ብርድ ልብስ በ800፣ 30 በ1,000 ብር ቢገዛና 12 ቢሸጥ በሁለቱም ዘዴ ወጪው ስንት ነው?

ሦስተኛዋ ጥያቄ ጉድ አወጣች። ልጅቷ በአማካይ ስትሠራ 800ን እና 1,000ን ደምራ ለሁለት አካፍላ እንደገና 900 አለች። በመጀመሪያው ምሳሌ ይህ የሠራው ብዛቱ እኩል ስለሆነ ብቻ ነው። እዚህ ግን ጠቅላላው ወጪ 38,000 ብር፣ ብዛቱ 40 ስለሆነ አማካዩ 950፣ የ12ቱ ወጪም 11,400 ብር ነው። ማስታወሻዋ ላይ «ለጠቅላላው ብዛት ያካፍላል» የሚለውን በገዛ እጇ ጽፋዋለች። በምሳሌው ቁጥር ብቻ ብትለማመድ ኖሮ ግን እንዳልገባት አታውቅም ነበር። ለዚህ ነው የመሥራት ጥያቄ ከምሳሌው ቁጥር የተለየ መሆን ያለበት።

ጥያቄው ማስታወሻውንም ይመረምራል። ከአንድ ነጥብ ጥያቄ ማውጣት ካልተቻለ፣ ነጥቡ ገና ንግግር ነው ማለት ነው፤ ተመልሶ ይጻፋል። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚሆን ጥያቄ ከሆነም በግምት ይታለፋልና «ለምን» ይታከልበት። ልጅቷ በዚህ መንገድ ሦስት ነጥብ አስተካከለች፣ አንድ ሰረዘች።

ለአንድ ሌክቸር ይህ ሁሉ ሦስት ሰዓት ያህል ወሰደብን፤ በመሃል ደንበኛ እየመጣ። ከዚያ በኋላ ግን በቀን የሚያስፈልጋት አንድ ሩብ ሰዓት ነበር፦ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ። የሳተችው ጥያቄ ጎን ነጥብ ታደርጋለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከነጥቧ ትጀምራለች።

የፈተናው ዋዜማ ላይ ብርድ ልብሴን ልወስድ ተመልሼ ሄድኩ። ልጅቷ ግራውን ዓምድ ይዛ ጮክ ብላ ትመልሳለች። አክስቴ ለደንበኛ ከክምሩ አናት ላይ አንዱን እያወረደች ታዳምጣት ነበር።

«ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል የምትዪው የት አገር ነው?» አለች አክስቴ። «እኛ ከላይ ያለውን አይደል እንዴ የምንሸጠው? ከሥር ያለውማ ዓመቱ!»

ልጅቷ ወረቀቱን ሳታይ መለሰችላት። «እማዬ፣ እጅሽ ከላይ ያንሳ። ፊፎ ስለ ወጪው አቆጣጠር እንጂ ስለ ክምሩ አይደለም። መደብሽ ላይ ያሉት አንድ ዓይነት ከሆኑ የትኛውን እንዳነሳሽ ሂሳቡ አይጠይቅም።»

ከዚያ እስክሪብቶ አነሳችና የእናቷን ጥያቄ ግራው ዓምድ ላይ ጻፈችው። ውጤቱ ይህን ስጽፍ ገና አልተለጠፈም።